ሁለት ደረሶች፣ አንድ ቅል ውሃ

ከጥቂት ወራት በፊት ከአንድ ወዳጄ ጋር ረጅም መንገድ በመኪና ሄድን። እርሱ ሐነፊ ነው፣ እኔ ሻፊዒ። ቀትር ላይ ለዙህር ቆምን። እኔ ሁለት ረከዓ ሰገድኩና ወዲያው ተነስቼ ዐስርንም ሁለት ረከዓ አከታተልኩ። መንገደኛ ነኝ፣ መዝሀቤ ሁለቱን ማጣመር ይፈቅድልኛል። እርሱ ዙህርን ብቻ ሰግዶ መኪናው ጋ ጠበቀኝ። ዐስር ሲደርስ እንደገና መንገድ ዳር አቆመ። «ይቅርታ፣ አምስት ደቂቃ» አለኝ።

አምስት ደቂቃ ምንም አልነበረም። እኔ ግን በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ፣ «ነቢዩ ያቀለሉትን አንተ ለምን ታከብደዋለህ?» አልኩት። በቀልድ ነበር። ማለቴ፣ በቀልድ የተጠቀለለ ነበር። ምንም አልመለሰም። ሰገደ፣ ተመለሰ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ እስክንደርስ ድረስ ስለ ሌላ ነገር አወራን። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ልመልሰውም አልቻልኩም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ በእኛ ጉዳይ ግን እርሱ የረሳው ይመስላል፣ እኔ ነኝ መርሳት ያቃተኝ።

ያልረሳሁትም ደግ ስለሆንኩ አይደለም። በልጅነቴ ፊቅህ ያስቀራን ኡስታዝ የነገረን አንድ ታሪክ ስላለ ነው። ባለታሪኮቹ ስም የላቸውም፣ አገራቸውም አይታወቅም። ለማስተማሪያ ተብሎ የተሠራ ታሪክ ይመስለኛል፤ ኡስታዙም እውነት ነው ብሎ አልነገረንም። ያን ጊዜ ስለ ቀስር፣ በጉዞ ላይ ሶላትን ስለማሳጠር፣ የሚያወራውን ምዕራፍ እየቀራን ነበር። ታሪኩ ለእኔ ቁጥሮችን መሸምደጃ ብቻ ነበር።

ሁለት ቀን ተኩል

ሁለት ደረሶች፣ አንዱ ሐነፊ አንዱ ሻፊዒ፣ ስማቸው የገነነ ሸይኽ ዘንድ ሊቀሩ በእግር ተነሱ። የሸይኹ ከተማ በመካከለኛ እርምጃ ሁለት ቀን ተኩል ያህል ይርቃል። የታሪኩ ተንኮል ያለው እዚህች ርቀት ላይ ነው።

ሻፊዒዎች ዘንድ ሶላት የሚያሳጥር ጉዞ ሁለት መርሐላ ነው፣ የሁለት ቀን መንገድ ማለት ነው፤ በሌላ ስሌት 16 ፈርሳኽ ወይም 48 የጥንት ሚል። ሐነፊዎች ዘንድ ደግሞ የሦስት ቀን መንገድ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጓደኛሞች በአንድ ቀን፣ ከአንድ ከተማ፣ ወደ አንድ ቦታ ወጥተው አንዱ በሕግ መንገደኛ ሆነ፣ ሌላው አልሆነም። በዚያ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ለመንገደኛ ማሳጠር ግዴታ ነው የሚለው ሐነፊው ነው፤ ግን ርቀቱ ስላልሞላለት አራት ረከዓ መስገድ አለበት። ማሳጠር ፈቃድ ብቻ ነው፣ ቢፈልግ ይሙላ የሚለው ሻፊዒው ነው፤ እርሱ ነው ሁለት መስገድ የሚችለው።

የመጀመሪያው ዙህር ሲደርስ ይህ ነገር ገና ሳይሰግዱ ታያቸው። ሻፊዒው ቀድሞ ጠየቀ፦ «ወንድሜ፣ የሦስት ቀኑን ማስረጃ ካንተ አፍ ልስማው።»

ሐነፊው ስለ ኹፍ ማበስ የመጣውን ሐዲስ አነሳ። መንገደኛ ጫማው ላይ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ ያብስ፣ ነዋሪ አንድ ቀን ከነሌሊቱ የሚለውን። «ሐዲሱ ‹መንገደኛ› ሲል መንገደኛን ሁሉ ነው። መንገደኛ ሁሉ ሦስት ቀን ማበስ ከቻለ፣ ከሦስት ቀን ያነሰ መንገድ የሚሄደው መንገደኛ አልተባለም ማለት ነው። አለበለዚያ የተሰጠውን ጊዜ የማይጨርስ መንገደኛ ይኖራል።»

ሻፊዒው ጥቂት እርምጃ ዝም ብሎ ከሄደ በኋላ፣ «ቆንጆ አወጣጥ ነው» አለ። «የእኛ ሰዎች የሚመልሱት፣ ሦስቱ ቀን የፈቃዱ ጣሪያ እንጂ የጉዞ ትርጉም አይደለም ብለው ነው። ማዕድ ላይ እስክትጠግብ ብላ የተባለ ሰው፣ ሳይጠግብ ቢነሳ እንግዳ አልነበረም አይባልም። እኛ የያዝነው ኢብኑ ዑመርና ኢብኑ ዐባስ በአራት በሪድ ያሳጥሩ ነበር የሚለውን ነው፤ አራት በሪድ 16 ፈርሳኽ ነው።»

«እነርሱማ ባሕር ናቸው» አለ ሐነፊው፤ «ግን በዚህ መለኪያ ሰሓባዎች ራሳቸው ስለተለያዩ፣ የአንዱ ሥራ ብቻውን የሚያስገድድ አይመስለኝም።»

ኡስታዛችን እዚህ ጋ ቆም ብሎ፣ ማን እንደረታ ጠየቀን። ግማሻችን አንዱን፣ ግማሻችን ሌላውን አልን። እርሱ ደግሞ «ዙህር እየሄደባቸው ነው» አለና ሳቀ።

ማን ያሰግድ?

ብቻ ለብቻ መስገድ ይችሉ ነበር። እኔና ወዳጄ ያደረግነው እርሱን ነው፤ አሥር እርምጃ ተራርቀን ሁለት የአንድ ሰው ጀመዓ ሆንን። ደረሶቹ ግን አብረው መስገድ ፈለጉ፣ ስለዚህም ነገሩ እንደ ሒሳብ መሠራት ነበረበት።

ሻፊዒው አሰግዶ ሁለት ላይ ቢያሰላምት፣ ሐነፊው ተነስቶ የቀረውን ሁለት ይሞላል። ይህ በራሱ የታወቀ መንገድ ነው። ዑመር መካ መጥተው ሁለት ካሰገዱ በኋላ «የመካ ሰዎች ሆይ፣ ሶላታችሁን ሙሉ፣ እኛ መንገደኞች ነን» ማለታቸው በኢማም ማሊክ የሐዲስ ኪታብ በሙወጠእ ተዘግቧል። እዚህ ግን ችግር አለ። ሐነፊው በሚያምነው ሕግ ኢማሙ ራሱ መንገደኛ አይደለም። አራት ያለበት ሰው ሁለት ላይ አቋረጠ ማለት ነው። የሐነፊ ዑለማዎች አብዛኞቹ ደግሞ የሚታየው የተከታዩ እምነት ነው ይላሉ፤ በተከታዩ መዝሀብ የኢማሙ ሶላት ከተበላሸ፣ የተከታዩም ይበላሻል።

ተገልብጦ ሲታይ ግን ይፈታል። ሐነፊው ያሰግድ፣ አራት ይስገድ። ሻፊዒ መንገደኛ ሶላቱን የሚሞላ ኢማም ከተከተለ እርሱም አራት መስገድ ግድ ይሆንበታል፤ ሶላቱ በሁለቱም መዝሀብ ያለ እንከን ይገባል። ሻፊዒው ይህን በልቡ ሠርቶ ሲጨርስ «ቅደም» አለ፤ ሐነፊውም ቀደመ።

ኡስታዛችን ይህን ካስረዳን በኋላ የራሳችንን ኪታብ አስገለጠን። በ676 ዓመተ ሂጅራ (1277 እንደ ፈረንጆች) የሞቱት ኢማም ነወዊ ሚንሃጅ በተባለው የፊቅህ ኪታባቸው ላይ፣ ጉዞው ሦስት መርሐላ ከደረሰ ከመሙላት ይልቅ ማሳጠር ይበልጣል ይላሉ። ለሻፊዒ መንገደኛነት ሁለት መርሐላ ከበቃ ሦስቱ ከየት መጣ? ሸርሕ የሠሩት ዑለማዎች ያብራሩታል። ሦስት ሲደርስ አቡ ሐኒፋ ማሳጠር ግዴታ ነው ይላሉ፣ ስለዚህ አሳጥርና ከኺላፉ፣ ከዑለማዎቹ ልዩነት፣ ውጣ። ከሦስት በታች ሲሆን አቡ ሐኒፋ አይፈቅዱም፣ ስለዚህ ሙላና ከኺላፉ ውጣ። ሁለቱ ደረሶች የሄዱት ሁለት ቀን ተኩል ነው፤ ሻፊዒው አራት በመስገዱ የራሱን መዝሀብ የተሻለውን ፍርድ ነው የሠራው።

እንዲያው ልብ በሉት። በእኛ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ፣ በእኛ ቁጥሮች መካከል፣ የሌላ መዝሀብ ኢማም ቦታ ተይዞላቸዋል። ይህን ዓረፍተ ነገር ልጅ ሆኜ በቃሌ ይዤው ነበር። ማጣመርን በተመለከተም የመዝሀባችን ኪታቦች፣ ከሐጅ ውጪ መተው ይሻላል ይላሉ፤ ምክንያቱም ሐነፊዎች ከዐረፋና ከሙዝደሊፋ በቀር አያጣምሩም። ለወዳጄ በመስኮት የወረወርኩት ነገር የኔው መዝሀብ ሳይቀር ያልተስማማበት ነበር ማለት ነው።

የተቀናቃኝን መሣሪያ በጨዋነት መያዝ

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ክርክሩ ጠነከረ። ጨዋነት ሲባል ብዙ ሰው ለስላሳነት ይመስለዋል። እነዚህ ሁለቱ ግን አልለዘቡም።

ሐነፊው ማሳጠር ግዴታ ለመሆኑ የእናታችን ዓኢሻን ቃል አመጣ። ሶላት መጀመሪያ ሁለት ሁለት ረከዓ ሆኖ ተደነገገ፤ የጉዞ ሶላት እንዳለ ቀረ፣ የነዋሪ ሶላት ተጨመረበት። «መሠረቱ ሁለት ከሆነ፣ የተቀነሰ ነገር የለም። መንገደኛ አራት ሲሰግድ ነው የጨመረው።»

ሻፊዒው «እሺ» አለና እንዲህ ቀጠለ፦ «እስኪ አንድ የእናንተን መርሕ ልናገር፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ። ዘጋቢው ከዘገበው ተቃራኒ ከሠራ፣ ሥራውን እንጂ ዘገባውን አትይዙም፤ ትክክል ነኝ?»

«ትክክል ነህ።»

«ዓኢሻ ራሳቸው በጉዞ ላይ ይሞሉ ነበር። ያውም በዚያው ዘገባ ውስጥ ተጠቅሷል።»

ሐነፊው ቆመ። በእርግጥ ከባድ ምት ነው፤ ዛሬም በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ የሚነሳ ነው። ትንሽ አሰበና «ከእርሳቸው የዘገበው ዑርዋ ምን እንዳለ አስታውስ» አለ፤ «‹ዑስማን እንደተረጎሙት ተረጎመች› ነው ያለው። ዘገባውን ስለተጠራጠሩ አይደለም የሞሉት፣ ለራሳቸው ሁኔታ የተለየ ትርጉም ስላዩ ነው። መርሑ የሚሠራው ዘጋቢው ዘገባውን እንደተወው ሲያሳይ ነው።» ከዚያ ፈገግ አለ፦ «ግን አልዋሽህም፣ ይህን መልስ ስሰጥ ምቾት አልተሰማኝም።»

«እኔም ‹ብታሳጥሩ ኃጢአት የለባችሁም› በሚለው አንቀጽ ስከራከር እንዲሁ ይሰማኛል» አለ ሻፊዒው። «ኃጢአት የለም ማለት ፈቃድ ነው እንላለን። በሰፋና በመርዋ ስለመመላለስ የመጣውም ‹ኃጢአት የለበትም› የሚል ነው፤ እዚያ ግን ግዴታ ነው ብለናል።»

ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል። እዚህ ውይይት ውስጥ ደጋግሜ የማስበው ቃል «ከተሳሳትኩ አርመኝ» የሚለው ነው። የባልንጀራውን መሣሪያ ከመምዘዙ በፊት ባለቤቱን አስፈቀደ። ሁለቱም ደግሞ የየራሳቸውን ክርክር ሽንቁር ራሳቸው አሳዩ። ይህን ማድረግ የሚችለው በቂ የተማረ ሰው ብቻ ነው፤ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ሽንቁሩን አያውቀውም፣ ቢያውቀውም ይሸፍነዋል።

እሾህ

ዙህርና ዐስርን ሐነፊው ስለሚያሰግድ፣ ማሳጠር የማይነካቸውን መግሪብንና ፈጅርን ሻፊዒው እንዲያሰግድ ተስማምተው ነበር። በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሻፊዒው እሾህ ወጋው። ሲነቅለው ደሙ ተረከዙ ላይ ወረደ።

እንግዲህ ሐነፊዎች ዘንድ ከቁስሉ አልፎ የፈሰሰ ደም ውዱእ ያፈርሳል። ሻፊዒዎች ዘንድ አያፈርስም። ሻፊዒው ከዐስር ጀምሮ ውዱእ ላይ ነው፣ በራሱ ዓይን አሁንም ውዱእ አለው። ሐነፊው ይህን ያውቃል። ደሙን አይቷል። ከዚህ ሰው ኋላ ቢቆም በመዝሀቡ ሶላቱ ያጠራጥራል። «ውዱእ አድርግ» ቢለው፣ «የአንተ መዝሀብ አይበቃኝም» እንደማለት ነው። «እኔ ላሰግድ» ቢል ምክንያቱ ይታወቃል። ዝም አለ፣ ዓይኑንም ወደ ሌላ አዞረ።

የቀራቸው ውሃ አንድ ቅል ነበር፣ ያውም ከግማሽ በታች። ሻፊዒው ቅሉን አንስቶ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠና ተረከዙን አጠበ። ሐነፊው በዚህ ምንም አላለም፤ ደሙ ነጃሳ ነውና ማጠቡ ሻፊዒ ዘንድም የታዘዘ ነው። ቀጥሎ ግን ፊቱን አንድ ጊዜ ታጠበ። እጆቹን እስከ ክርን አንድ አንድ ጊዜ። ውሃው እንዳያልቅ ሱናውን ሁሉ ትቶ ግዴታውን ብቻ እየሠራ ነበር። ከዚያ ራሱ ጋ ደረሰ።

ሻፊዒ ዘንድ የራስ ማበስ ግዴታ ጥቂት ፀጉር ብትነካ ይሞላል። ሐነፊ ዘንድ የራስ ሩብ መታበስ አለበት። በሌላው አካል ሁሉ ውሃ የቆጠበው ሰው፣ እዚህ ሲደርስ መዳፉን አርጥቦ ከግንባሩ በላይ ያለውን ሩቡን በሙሉ አበሰ። እግሮቹን አጥቦ ተነሳ፣ ቀደመና «አላሁ አክበር» አለ።

ኡስታዛችን «ሐነፊው ያን ጊዜ ገባው» አለን። ፊቱን ሲታጠብ ያየ ሰው ውዱእ ማደስ ወዶ ነው ሊል ይችላል፤ ሻፊዒዎችም ደም ለፈሰሰው ሰው ውዱእ ይወደድለታል ይላሉ። የራሱ ሩብ ግን ሌላ ትርጉም የላትም። ውዱኡ የተሠራው በሐነፊ ልክ ነው፣ ከኋላው ለሚቆመው ሰው።

እኔ ይህን ታሪክ ለዓመታት ስለ ትሕትና የተነገረ አድርጌ ይዤው ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሻፊዒው በክርክሩ አንዲት ጋት አልተሸነፈም። ደም ውዱእ ያፈርሳል ብሎ አላመነም፣ እንደሚያፈርስም አልተናገረም። የሐነፊውን ሕግ እስከ ሩብ ራስ ድረስ ጠንቅቆ ያወቀው ሊከራከርበት ነበር፤ ያን ምሽት ያው እውቀት ለሌላ አገልግሎት ዋለ። ባይማረው ኖሮ ደግ ቢሆንም አይረዳውም ነበር፤ ፊቱን እጁን ታጥቦ፣ ሦስት ፀጉር ነክቶ፣ በቅን ልብ ወዳጁን አጠራጣሪ ሶላት ውስጥ ይከተው ነበር።

ባይታጠብስ ኖሮ? ይህንን ኡስታዛችንን ጠይቀነው ነበር። የሐነፊ ዑለማዎች ራሳቸው ተለያይተውበታል፤ የኢማሙ እምነት ነው የሚታየው ያሉም አሉ። ኢማም አሕመድም ደም ውዱእ ያፈርሳል ባይ ናቸው፤ ደም ፈሶት ውዱእ ካላደሰ ኢማም ኋላ ትሰግዳለህ ወይ ሲባሉ፣ «ከማሊክና ከሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ ኋላ እንዴት አልሰግድም?» ማለታቸው ይነገራል። መውጫ ነበረ ማለት ነው። ሻፊዒው ወዳጁን መውጫ ፍለጋ አላስኬደውም።

በማግስቱ ፈጅር ላይ ሻፊዒው ከሁለተኛው ሩኩዕ ተነስቶ ቁኑት የሚባለውን ዱዓ አደረገ። አቡ ሐኒፋና ተማሪያቸው ሙሐመድ፣ ተከታዩ ዝም ብሎ ይቁም ይላሉ። ሌላው ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ ግን ኢማሙን ይከተል ይላሉ። ሐነፊው ያን ጠዋት የአቡ ዩሱፍን ቃል ያዘ። ከመዝሀቡ አልወጣም፣ ከባልንጀራውም አልተለየም።

እንዲህ ያለ ነገር በታሪክም አለ፤ ተረት ብቻ አይደለም። በ189 ዓመተ ሂጅራ (805) የሞቱት ይኸው ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን ከኢራቅ ተነስተው መዲና ኢማም ማሊክ ዘንድ ተቀመጡ፤ ሙወጠእንም ከአፋቸው ወሰዱ። በእርሳቸው በኩል የተላለፈውን ሙወጠእ የከፈተ ሰው የማሊክ ዘገባ እንዳለ ተጽፎ ያገኛል። ከሥሩ አንዳንዴ «ይህንን እንይዛለን» የሚል፣ አንዳንዴ ደግሞ የማይይዙበት ምክንያት አለ። ዘገባውን ለራሳቸው እንዲመች አላጎበጡትም። በኋላ ደግሞ የማሊክ ተማሪ የነበሩት ሻፊዒ ባግዳድ መጥተው ከእኚሁ ሙሐመድ ቀሩ።

ሲደርሱ

በእግሩ ምክንያት እርምጃቸው ስለዘገየ ሦስተኛው ቀን ሙሉውን አለቀና ሲመሽ ደረሱ። ሦስት ቀን ፈጀ ማለት ነው! ሐነፊው መንገደኛ ሆነ ወይ ብለን ጮኽን። አልሆነም፤ የሚለካው በመካከለኛ እርምጃ ነው እንጂ በቆሰለ እግር አይደለም።

ሸይኹ ዘንድ ገብተው እጅ ነሱ። ሦስት ቀን ሙሉ ያጠራቀሙት ጥያቄ ነበራቸው፤ የሸይኹ ፍርድ ወዴት እንደሚያዘነብል ለማወቅ ሁለቱም ጓጉተዋል። አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ሞላለት፤ ርቀቱን፣ ኹፉን፣ የዓኢሻን ዘገባ ዘረዘሩ። ሸይኹ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ለስንት ጊዜ ነው የመጣችሁት?» አሏቸው።

«ኪታቡን እስክንጨርስ፣ አንድ ዓመት ቢሆን ነው፣ ሸይኽ» አሉ።

ጉዞን ለማቋረጥ ሻፊዒ ዘንድ አራት ሙሉ ቀን የመቀመጥ ሐሳብ ይበቃል፣ ሐነፊ ዘንድ አሥራ አምስት። አንድ ዓመት ሁሉንም ያልፋል።

«እንግዲያው ዛሬ ሁለታችሁም ነዋሪ ናችሁ» አሉ ሸይኹ። ወደ ተጠቀለለው ተረከዝ አየት አድርገው፣ «ዒሻእ ደርሷል፤ አንተ ቁጭ ብለህ ውዱእ አድርግ፣ እርሱ ውሃ ያፍስስልህ» አሉ።

ባለፈው ሳምንት ከወዳጄ ጋር እንደገና መንገድ ወጣን። ዙህርን ሰገድን። እርሱ ቆሞ ይጠብቀኝ ጀመር፤ እኔ ምንጣፌን አጠፍኩና መኪናው ውስጥ ገባሁ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ «ዐስር ሲገባ አንድ ቦታ ፈልግ» አልኩት።

«አንተ እኮ ማጣመር ትችላለህ» አለኝ።

«እችላለሁ» አልኩት።

ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ራሱን ነቀነቀ። ጥላ ያለበት ቦታ እስክናገኝ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነዳ።